የቀለበት ፎቶ በቅርበት፦ ብልጭታው ሳይደበዝዝ፣ ቀለበቱ ሳይጣመም

ጋሼ ፎቶውን አየት አደረጉና መነጽራቸውን አወለቁ። «ምነው ልጄ፣ ድንጋዩን ገደልሽው እኮ!» አሉኝ።

ጋሼ ወርቅ ሠሪ ናቸው። ለቴሌግራም ቻናላቸው የሚሆን ፎቶ እንዳነሳላቸው የሰጡኝ የመጀመሪያው ቀለበት ነበር። ወርቁ ጥሩ ወጥቶ ነበር። ፈርጡ ግን አረንጓዴ ከረሜላ መሰለ። ብልጭታ የለው፣ ጠርዝ የለው። እኔ ደግሞ ጥሩ ካሜራ፣ ጥሩ ሌንስ፣ ዙሪያውን ለስላሳ ብርሃን ይዤ ነበር። ጥፋቱ እዚያው ላይ እንደነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ዛሬ የምነግራችሁ ያንኑ ቀለበት እንደገና ሳነሳው ያደረግኩትን ነው። ባለ 18 ካራት ቢጫ ወርቅ ነው። መሐሉ ላይ የሻኪሶ ኤመራልድ አለ፤ 7 በ5 ሚሊሜትር፣ አራት ማዕዘን ሆኖ እንደ ደረጃ ተደራርቦ የተቆረጠ። ግራና ቀኙ ላይ እያንዳንዳቸው 2 ሚሊሜትር የሚሆኑ ክብ አልማዞች ተቀምጠዋል። ይህን ቀለበት የመረጥኩት በአንድ ጣት ላይ ሦስት ጠባይ ስላለው ነው። ወርቁ አንድ ነገር ይፈልጋል፣ ኤመራልዱ ሌላ፣ አልማዙ ደግሞ ሌላ።

ብልጭታው የድንጋዩ አይደለም

ከመሣሪያው በፊት ይሄ ይግባን። ድንጋይ ጠራቢው በፈርጡ ላይ ጠፍጣፋ ፊቶችን ያወጣል። በተለመደው ክብ አልማዝ ላይ 57 ወይም 58 ፊት አለ። እያንዳንዱ ፊት ትንሽ መስታወት ነው። ብልጭ ያለው ፊት መብራት እያየ ነው። የጠቆረው ፊት ጨለማ እያየ ነው። ስለዚህ ፎቶ የምናነሳው ድንጋዩን ብቻ አይደለም። ድንጋዩ የሚያየውን ክፍል ጭምር ነው።

የመጀመሪያው ፎቶዬ ለምን እንደሞተ አሁን ግልጽ ነው። ቀለበቱን በነጭ ወረቀት ድንኳን ከብቤው ነበር። ሁሉም ፊት ነጭ ያያል። ሁሉም ፊት እኩል ይበራል። ሁሉም እኩል ሲበራ አንዱን ከሌላው የሚለየው ነገር ይጠፋል። ብልጭታ የሚታየው አጠገቡ ጥቁር ሲኖር ነው። የድንጋዩን ጨለማ ከወሰዳችሁበት ብርሃኑንም ወሰዳችሁ።

ሁለተኛው ነገር ፎከስን ይመለከታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቤታችሁ መስታወት ፊት ቁሙ። መስታወቱ ላይ ያለ የጣት አሻራ ላይ ዓይናችሁን አሳርፉ። አሻራው ጥርት ይላል፣ የራሳችሁ ፊት ይደበዝዛል። ፊታችሁን ስታዩ ደግሞ አሻራው ይጠፋል። ለምን ቢሉ ምስላችሁ ያለው መስታወቱ ላይ ሳይሆን ከመስታወቱ ወዲያ ነው። እናንተ ከመስታወቱ በራቃችሁት መጠን እሱም ወደ ውስጥ ይርቃል። የፈርጥ ፊትም እንዲሁ ነው። መብራቱ ከቀለበቱ 40 ሴንቲሜትር ቢርቅ፣ በፊቱ ላይ የሚታየው የመብራቱ ምስል 40 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ነው ያለው።

ካሜራው ራሱ ፎከስ እንዲፈልግ ከተተወ ብዙ ጊዜ ያንን ነጸብራቅ ያሳድዳል። ያኔ ነጸብራቁ ይጠራል፣ የድንጋዩ ጠርዝ ግን ይቀልጣል። የፈለግነው ተቃራኒውን ነው። ሁለት ፊቶች የሚገናኙበት መስመር እንደ ምላጭ ከጠራ፣ በውስጡ ያለው ብርሃን ቢደበዝዝም በመስመሩ ታጥሮ ይቀመጣል። ዓይንም ያንን ንጹሕ ብልጭታ ብሎ ይቀበለዋል። እንግዲህ ፎከስ የሚደረገው ብልጭታው ላይ ሳይሆን ጠርዙ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ተከታይ ነው።

1. ማጽዳትና ማቆም

በዓይን ንጹሕ የሚመስል ቀለበት በማክሮ ሌንስ ሲታይ የቆሻሻ ክምር ነው። የጣት ቅባት ደግሞ ከአቧራ የባሰ ነው፤ ፊቱን እንደ ጭጋግ ይሸፍነዋል።

ለወርቁና ለአልማዙ ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ የዕቃ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ኤመራልድ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አብዛኛው ኤመራልድ ስንጥቁ እንዳይታይ በዘይት የታከመ ነው። ሙቅ ውሃ፣ አልኮልና ወርቅ ቤት ያለው በድምፅ ሞገድ የሚያጥበው ማሽን ዘይቱን ያወጡታል። ያልታየ ስንጥቅ ይወጣል፤ ጥፋተኞቹም እናንተ ናችሁ። እኔ እርጥብ ጨርቅ በቀስታ አስነካውና ወዲያው አደርቀዋለሁ። የወሎ ኦፓል ከመጣላችሁ ደግሞ ውሃም አታስነኩት። ውሃ ይጠጣል፤ እስኪደርቅ ድረስ መልኩና ቀለሙ ይለወጣል። ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ።

ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት። የጥጥ ጓንት ወይም የፕላስቲክ ጫፍ ያለው ወረንጦ ያዙ። ከማንሳታችሁ በፊት በጎማ ፊኛ አየር እፍ አድርጉበት። በአፋችሁ አትንፉ፣ ምራቅ ይረጫል።

ቀለበቱን ለማቆም የሩዝ ፍሬ የምታህል ለስላሳ ሰም ከሥሩ አድርጉ። ጥቁር ግራጫ ሰሌዳ ላይ አቆምኩት፤ ወደ ጎን 30 ዲግሪ ያህል አዞርኩት፣ ፈርጡ ወደ ካሜራው እንዲያይ ጋደል አደረግኩት። ሰሙ ከካሜራው በኩል መታየት የለበትም።

2. ርቀት

ቀለበት የሚጣመመው ሰው በጣም ስለሚጠጋው ነው። ስልክ በ5 ሴንቲሜትር ርቀት ሲያነሳ ፈርጡ ለስልኩ ከቀለበቱ ጀርባ ይልቅ በጣም ቅርብ ነው። ስለዚህ ፈርጡ ይነፋል፣ ጀርባው እንደ ክር ይቀጥናል። ሰው ሰባት ሚሊሜትሩን ድንጋይ አሥራ ሁለት ነው ብሎ ያዛል። ከዚያ ቅሬታ ይመጣል።

መድኃኒቱ መራቅና በረጅም ሌንስ ማቅረብ ነው። እኔ በ100 ሚሊሜትር ማክሮ ሌንስ ነው የሠራሁት። ከሌንሱ ፊት እስከ ቀለበቱ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ቀረኝ። መብራትም የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው።

በስልክ የምትሠሩ ከሆነ አውቶማቲክ ማክሮውን አጥፉ። ስልኩ ሲጠጋ ወደ ሰፊው ሌንስ የሚዘለው በዚህ ነው። 2x ወይም 3x ላይ አድርጉ፤ ፎከስ እስኪይዝላችሁ ድረስ ራቁ፤ ቀለበቱ ከፍሬሙ መሐል ይሁን። ኋላ ዙሪያውን ቆርጣችሁ ትጥላላችሁ። ክሊፕ ላይ የሚገጠመው ርካሽ ሌንስም መሐሉ ደህና ነው፤ ዳሩ ግን ይጎብጣል፣ በጠርዞችም ላይ ሐምራዊና አረንጓዴ መስመር ይጥላል።

3. ሁለት ብርሃን

ወርቅ ሰፊና ለስላሳ ብርሃን ይወዳል። ድንጋይ ትንሽና ጠንካራ ብርሃን ይወዳል። በአንድ መብራት ሁለቱን ማስደሰት አይቻልም። ጋሼ የገደልሽው ያሉኝ ለወርቁ ብቻ ስላበራሁ ነው።

ለወርቁ፦ አርክቴክቶች ንድፍ የሚገለብጡበትን ስስ ወረቀት እንደ ግማሽ ቱቦ ጎንበስ አድርጌ ከቀለበቱ በላይና በግራ አቆምኩ። ከወረቀቱ ጀርባ አንድ ኤልኢዲ መብራት አደረግኩ። መብራቱን ወደ ወረቀቱ በጣም አታስጠጉት። ራቅ ሲል ብርሃኑ በወረቀቱ ላይ ከደማቅ ወደ ደብዛዛ እየሳሳ ይሄዳል። ያ መሳሳት በወርቁ ላይ ሲያርፍ ነው ቀለበቱ ክብ የሚመስለው። ወረቀቱ በሙሉ እኩል ከበራ ወርቁ ቢጫ ፕላስቲክ ይሆናል። በቀኝ በኩል ደግሞ ጣት የምታህል የጥቁር ካርቶን ቁራጭ አቆምኩ። በወርቁ ጠርዝ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ሠራችልኝ፤ ቅርጹ በዚያች መስመር ጎላ።

ለድንጋዩ፦ የጠቋሚ ጣት ጥፍር የምታህል አንዲት ኤልኢዲ፣ ወረቀት ያልተጋረደባት። ከቀለበቱ 40 ሴንቲሜትር ርቃ፣ ከቀኝ ከፍ ብላ። ቦታዋን በግምት አታስቀምጡ። ካሜራውን በስክሪኑ ላይ 10 እጥፍ አጉሉት፤ ድንጋዩን እያያችሁ መብራቷን በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ አንቀሳቅሱ። ፊቶቹ እየተፈራረቁ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ከፊቶቹ ሲሶው ደምቆ፣ ሲሶው መካከለኛ፣ ሲሶው ጠቁሮ ሲታይ ቁሙ። ሲሶ የሚለው የኔ ልማድ ነው፤ ግን እስካሁን አላሳፈረኝም።

ሁለቱ መብራቶች አንድ ዓይነት ቀለም ይኑራቸው። አንዱ ቢጫ ሌላው ሰማያዊ ከሆነ በወርቁ ላይ ሁለት ወርቅ ይታያል። CRI የሚባለው የቀለም ጥራት ቁጥሩ ከ95 በላይ የሆነ ኤልኢዲ ካገኛችሁ ያዙት፤ ርካሹ ቀይ ያንሰዋል፣ ወርቁን አረንጓዴ ቢጫ ያደርገዋል። ደግሞ በባትሪ የሚሠራ ይሁን። የኛ ሰፈር መብራት ሲዋዥቅ የተነሱ ሃያ ፎቶዎች ሃያ ዓይነት ድምቀት ኖሯቸው ያውቃል።

4. ኤመራልዱ የሚያየውን መቀየር

ይሄ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ክፍል ነው። ደረጃ ሆኖ የተቆረጠ ድንጋይ ጥቂትና ሰፋፊ ፊቶች አሉት። በተለይ ላይኛው ሰፊ ፊት አንድ ትልቅ መስታወት ነው። ነጭ ወረቀት ካየ ነጭ ይሆናል፤ አረንጓዴው ከሥሩ ይቀበራል።

ድንጋዩ ወዴት እንደሚያይ ማወቅ ቀላል ነው። ካሜራዬ ቀለበቱን ከ20 ዲግሪ ከፍታ ያያል። የድንጋዩ ላይኛው ፊት ደግሞ 35 ዲግሪ ወደ ላይ ዞሯል። ልዩነቱ 15 ነው። መስታወት ያንኑ ያህል ወደ ሌላው ወገን ይመልሳል። 35 ላይ 15 ሲደመር 50። ስለዚህ ድንጋዩ የሚያየው ከካሜራው በላይ፣ ከጠረጴዛው 50 ዲግሪ ከፍ ብሎ ያለውን ነው። እዚያ ያለው ምንድን ነው? ወረቀቴ። በቃ፣ ችግሩ ተገኘ።

ከወረቀቱ ላይ መዳፍ የሚያህል ቆርጬ አወጣሁ። ከቀዳዳው ወዲያ ጥቁር ጨርቅ ሰቀልኩ። ነጩ መጋረጃ ከድንጋዩ ላይ ተነሳ። ውስጡ ታየ፤ ጥልቅ አረንጓዴ፣ በውስጡ የተፈጥሮ ቅጠል የሚመስሉ ጭረቶች። ከታች ያሉት ደረጃዎች አንድ በአንድ ተለዩ። ዲግሪ መለካት ካልፈለጋችሁ ጥቁር ካርቶን በእጃችሁ ይዛችሁ ከቀለበቱ በላይ አዟዙሩ። ነጩ ከድንጋዩ ላይ በድንገት የሚጠፋበት ቦታ ላይ አቁሙት።

ጥቁሩን ግን አታብዙት። ላይኛው ፊት ፈጽሞ ነጸብራቅ ከሌለው ድንጋዩ ጠፍጣፋ ሳይሆን ባዶ ጉድጓድ ይመስላል። ቀዳዳውን ትንሽ ወደ ጎን ገፋሁትና በአንዱ ማዕዘን ላይ ስስ ነጭ ዳር ተውኩ። ያቺ ዳር ናት ፊቱ የተወለወለ መሆኑን የምትናገረው።

ትንንሾቹ አልማዞች ሌላ ችግር አላቸው። በቀጥታ ከፊት ካየናቸው መሐላቸው ይጠቁራል፤ የሚያዩት ካሜራውን ራሱን ነውና። ቀለበቱን ጥቂት ዲግሪ ብታዞሩት ይለቃቸዋል።

5. ያልተፈለጉ ነጸብራቆች

ወርቁ ክፍሉን በሙሉ ይቀዳል። መስኮት፣ የቀይ ሹራባችሁ እጅጌ፣ የትራይፖዱ ብር እግር፣ ሁሉም እንደ መስመር ይወጣል። ጥቁር ልብስ ልበሱ። መጋረጃ ዝጉ። ሌንሱ የሚወጣበት ቀዳዳ ያለው ጥቁር ካርቶን ካሜራው ፊት አድርጉ።

ከዚያ ይህን ፈትኑ። ሁለቱን መብራቶቻችሁን አጥፉ፤ የካሜራውን ቁጥር ሳትነኩ አንድ ፎቶ አንሱ። ፎቶው ድፍን ጥቁር መሆን አለበት። የሆነ ነገር ከታየ ያልጠራችሁት ብርሃን ክፍሉ ውስጥ አለ። ፈልጋችሁ አጥፉት።

6. የካሜራው ቁጥሮች

አይኤስኦ 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ f/8፣ ፍጥነቱ ሩብ ሰከንድ። ፋይሉ ሮው።

ለምን f/8 የሚለው ማብራሪያ ይፈልጋል። ሰው ጥልቀት አገኛለሁ ብሎ f/22 ላይ ይዘጋዋል። በቅርበት ስንሠራ ቀዳዳው ብዙ ካሜራ ከሚያሳየው በላይ ጠባብ ሆኖ ይሠራል።

```
እውነተኛው ቀዳዳ = f × (1 + ማጉያ)
8 × (1 + 0.7) = 13.6
22 × (1 + 0.7) = 37.4
```

ማጉያ ማለት ቀለበቱ በካሜራው ሴንሰር ላይ የሚያርፍበት መጠን ለእውነተኛ መጠኑ ሲካፈል ነው። ቀለበቱ ፍሬሙን ሲሞላ የኔ ማጉያ 0.7 ነበር። በ37 ላይ ብርሃኑ በጠባቡ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል። ምስሉ በሙሉ እኩል ይለሰልሳል፤ ምንም ያህል ፎከስ ቢስተካከል አይጠራም። f/8 ጥሩ ሚዛን ነው። f/11 ድረስም ልሄድ እችላለሁ፤ ከዚያ አላልፍም።

ድምቀቱን በወርቁ ለኩ። ወርቁ የትም ቦታ ድፍን ነጭ መሆን የለበትም፤ በተለይ ቀዩ ቀለም ቀድሞ ስለሚሞላ የሦስቱን ቀለሞች ሂስቶግራም ለየብቻ እዩ። በአልማዙ ላይ ያሉት የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ብልጭታዎች ግን ነጭ ቢሆኑ አትጨነቁ። እነሱን ለማዳን ብታጨልሙት ቀለበቱ ይቀበራል።

7. ንዝረት

በሩብ ሰከንድ ውስጥ ምድር ትንቀጠቀጣለች ብትሉ አልተሳሳታችሁም። ከባድ መኪና በመንገድ ሲያልፍ በስክሪኑ ላይ ድንጋዩ ሲርገበገብ ይታያል። ካሜራውን በትራይፖድ አስሩ፤ የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያውን አጥፉ፤ መዝጊያውን ኤሌክትሮኒክ አድርጉ፤ በ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ አንሱ። ሲያነሳ አትራመዱ። እኔ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው የምሠራው፤ መንገዱ ጭር ሲል።

8. ፎከሱን መደራረብ

በዚህ ቅርበት ጥርት ብሎ የሚወጣው ውፍረት ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። ድንጋዩን ቆንጥጦ ከያዘው የፊተኛው የወርቅ ጥፍር እስከ ቀለበቱ ጀርባ ግን 12 ሚሊሜትር አለ። ስለዚህ ፎከሱን ከፊት ወደ ኋላ እየገፋን ብዙ ፎቶ እናነሳና አንድ እናደርጋቸዋለን።

እርምጃው ስንት ይሁን? ማስመሪያ በ45 ዲግሪ አጋድማችሁ በዚያው ቁጥርና ርቀት አንሱ። ፎቶውን መቶ በመቶ አጉልታችሁ ስንት የሚሊሜትር መስመር እንደጠራ ቁጠሩ። ማስመሪያው ስለተጋደመ ቁጥሩን በ0.7 አባዙት። እኔ 1 ሚሊሜትር ገደማ ጠራልኝ፤ ይህ ማለት 0.7 ጥልቀት ነው። እርምጃው ከዚያ ማነስ አለበት፣ ፎቶዎቹ እንዲደራረቡ። በ0.5 ሄድኩ። 12 ለ0.5 ሲካፈል 24። ከፊትና ከኋላ ሁለት ሁለት ትርፍ ጨምሬ 28 አነሳሁ።

ካሜራችሁ ራሱ ፎከሱን የሚያራምድበት ዘዴ ካለው በእሱ ተጠቀሙ። ካሜራውን በሐዲድ ላይ መግፋትም ይቻላል፤ ግን ካሜራው ቦታ ሲለውጥ ብልጭታውም ከፊት ወደ ፊት ይዘላል። ለደረቅ ዕቃ ችግር የለውም። ለፈርጥ ግን ራስ ምታት ነው።

መነሻውን በእጃችሁ፣ የፊተኛው ጥፍር ጫፍ ላይ አስተካክሉ። ብልጭታ እየፈለጋችሁ አትሂዱ፤ ጠርዝ እየፈለጋችሁ ሂዱ። የድንጋዩን ውስጥም አትርሱ። ኤመራልዱ 4 ሚሊሜትር ጥልቀት ቢኖረው ብርሃን በውስጡ ስለሚታጠፍ ከላይ 2.5 ያህል ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ከላይኛው ፊት ጀምሮ 2.5 ሚሊሜትር ካለፋችሁ የታችኞቹም ጠርዞች ተይዘዋል።

9. አንድ ማድረግ

ፎቶዎቹን አንድ ለማድረግ ዜሪን ስታከር በሚባል ፕሮግራም እጠቀማለሁ። ሄሊከን ፎከስም ይሠራል፤ ፎቶሾፕም በ`Auto-Align Layers` እና በ`Auto-Blend Layers` ይሞክራል። ዜሪን ሁለት መንገድ አለው። `PMax` ጥቃቅን ጠርዝን አጥብቆ ይይዛል፤ ግን ንፅፅሩን ያጋንናል፣ ለስላሳውን ወርቅ ያሻክራል። `DMap` የወርቁን ቀለም እንዳለ ይተዋል፤ ተደራራቢ ጠርዝ ላይ ግን ይሳሳታል። ሁለቱንም አስወጣሁ። ወርቁን ከ`DMap` ወሰድኩ፣ ጥፍሮቹንና የኤመራልዱን ጠርዞች ከ`PMax` ቀባሁበት።

አልማዞቹን ግን ለሶፍትዌሩ አልተውኳቸውም። እሱ ከሃያ ስምንቱ ፎቶ ያገኘውን ብልጭታ ሁሉ ይሰበስባል። ፎከስ ውስጥ ያልሆነ ብልጭታ ደግሞ ትልቅ ክብ ነጠብጣብ ስለሚሆን በጥርቱ ብልጭታ ዙሪያ እንደ ጉም ይቀራል። ድንጋዩ ስኳር የተነሰነሰበት ይመስላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አልማዝ ጠርዙ በጣም የጠራበትን አንድ ፎቶ መርጬ ከእሱ ብቻ ቀባሁ። ሰው በእጁ ይዞ ሲያየው የሚያየው እንዲያ ነው፤ በአንድ ቅጽበት ጥቂት ብልጭታ።

ድብዝዝ ካለ፣ ከምን እንደመጣ

መቶ በመቶ አጉሉትና ትንሿን ብልጭታ እዩ። እሷ ሁሉን ትናገራለች። ብልጭታዎቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የተጎተቱ አጫጭር ጭረቶች ከሆኑ ካሜራው ተንቀሳቅሷል። ክብ ነጠብጣብ ከሆኑና ሌላ ቦታ ላይ የጠራ ነገር ካለ ፎከሱ ስቷል። የትም ቦታ የጠራ ነገር ከሌለና ሁሉም እኩል ከለሰለሰ ቀዳዳውን አጥብባችሁታል። በጭጋግ እንደተሸፈነ ሆኖ ጠርዞቹ ግን ካሉ፣ ወይ ድንጋዩ ላይ ቅባት አለ፣ ወይ መብራቷ ወደ ሌንሱ ፊት እየገባች ነው። በእጃችሁ ለሌንሱ ጥላ ስትሠሩለት ከጠራ መብራቷ ናት። ካልጠራ ወደ ጨርቁ ተመለሱ።

10. ማድረስ

መጀመሪያ አሳንሱት፣ ከዚያ ጠርዝ ማጥሪያውን፣ ሻርፕኒንጉን፣ ስጡት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የሰጣችሁት ጥራት ፎቶው ሲያንስ ይለሰልሳል። ማጥሪያውን በ0.5 ፒክስል ስፋት ብቻ አደርጋለሁ። ቀለሙን በግራጫ ካርድ አስተካክሉ፤ የኤመራልዱን አረንጓዴ ግን ለብቻው አታድምቁ። ገዢው ድንጋዩን በእጁ ሲይዘው የሚያየው ያንኑ መሆን አለበት። ለሻጩ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከሄደ ይጨመቃል፣ መጀመሪያ የሚሞቱት ደግሞ ትንንሾቹ ብልጭታዎች ናቸው።

ጋሼ ሁለተኛውን ፎቶ ሲያዩ ብዙ አልተናገሩም። በሁለት ጣት አጉልተው አንዱ ጥፍር ሥር ጠጋ ብለው አዩ። «እዚህች ጋ ሞረዱ አልጨረሰም» አሉና ቀለበቱን ወደ ሥራ ጠረጴዛቸው መለሱት።

ከመመለሳችሁ በፊት ታዲያ ሰሙን አውጡ። በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት በቀስታ ፈቅፍቁት፣ የቀረውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። በእሳትም በሙቅ ውሃም አታቅልጡት፤ ኤመራልዱ ላይ ያለው ዘይት አብሮ ይሄዳል።